ሂቱ ሁሉ ለምን ወርክ አይሆንም?

ናሆም፦ ቤዚ ይሄ የቴርሞዳይናሚክስ ቻፕተር ገብቶሻል ግን? ፈርስት ሎው ላይ ምንም አልተቸገርኩም፣ የገባው ኢነርጂ ከወጣውና ውስጥ ከቀረው ጋ እኩል ነው፣ አለቀ። አሁን ሰከንድ ሎው መጣና ሂቱን በሙሉ ወርክ ማድረግ አትችልም ይለኛል። ኢነርጂ እስካልጠፋ ድረስ ምን ቸገረው?

ቤዛ፦ ፈርስት ሎው እኮ መጠኑን ነው የሚቆጥረው፣ አቅጣጫ አያውቅም። ሲኒ ላይ የቀዘቀዘ ቡና ከክፍሉ አየር ሙቀት ስቦ እንደገና ቢፈላ፣ አየሩ ያጣውና ቡናው ያገኘው እኩል እስከሆነ ድረስ ፈርስት ሎው ምንም አይልም። ግን እንደዛ ሲሆን ያየ ሰው የለም። እሱን የሚከለክለው ሁለተኛው ነው።

ናሆም፦ እሱ የክላውዚየስ ነው፣ ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ አይሄድም፣ እሺ ገባኝ። እኔን ያስቸገረኝ የኬልቪን ፕላንኩ ነው። ኢሶተርማል ኤክስፓንሽን ሰርተን የለ እንዴ? አይዲያል ጋስ ነው፣ ቴምፕሬቸሩ ስለማይቀየር ΔU = 0 ይሆናል፣ ስለዚህ Q = W። የገባው ሂት በሙሉ ወርክ ሆነ እኮ! ታዲያ እንዴት ነው አይቻልም የሚለን?

ቤዛ፦ እስቲ ሙሉውን አንብበው።

ናሆም፦ በሳይክል የሚሰራ መሳሪያ ከአንድ ሪዘርቫየር ብቻ ሙቀት ተቀብሎ ኔት ወርክ ማምረት አይችልም።

ቤዛ፦ አየህ፣ በሳይክል ነው የሚለው። ያንተ ፒስተን አንዴ ተገፍቶ ወጣ፣ ጋሱ ሰፋ፣ ከዛስ? ኢንጅን እንዲሆን ወደ መነሻው መመለስ አለበት፣ በዛው ቴምፕሬቸር መልሰህ ብትጨምቀው ደግሞ ያገኘኸውን ወርክ በሙሉ ትመልሳለህ፣ ትርፉ ዜሮ ነው። ትርፍ ከፈለግክ መጀመሪያ ጋሱን ማቀዝቀዝ አለብህ፣ ምክንያቱም የቀዘቀዘ ጋስ ፕሬዠሩ ዝቅ ስለሚል ሲጨመቅ ብዙ ወርክ አይበላም። ስታቀዝቅዘውና ስትጨምቀው የሚለቀው ሙቀት ግን የሆነ ቦታ መሄድ አለበት አይደል፣ እሱ ነው ወደ ቀዝቃዛው ሪዘርቫየር የሚሄደው QC።

ናሆም፦ ቆይ ቆይ... እንደዛ ከሆነ ስቲም ፓወር ፕላንት ላይ ኮንደንሰሩን አንስተን ከተርባይን የወጣውን ስቲም በቀጥታ ወደ ቦይለር ብንመልሰውስ?

ቤዛ፦ በምን ትመልሰዋለህ? ስቲሙን እንዳለ ወደ ቦይለር ፕሬዠር ለመጭመቅ ተርባይኑ የሰጠህን ያህል ወርክ ይበላብሃል፣ ፍሪክሽን ካለ እንዲያውም ይበልጣል። ውሃ ካደረግከው ግን ቮልዩሙ በጣም ስለሚያንስ ፓምፑ የሚወስደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኮንደንሰሩ ባይኖር ሳይክሉም የለም።

ናሆም፦ እሺ ይሄ በደንብ ገባኝ። ስንት መጣል እንዳለብንስ ማን ወሰነው?

ቤዛ፦ ካርኖ፣ በ1824፣ ገና ፈርስት ሎው ራሱ በደንብ ሳይታወቅ። በጣም የሚገርመኝ ሰውዬ ነው። ትልቁ የሚቻለው ኢፊሸንሲ η = 1 − TC/TH ነው፣ በኬልቪን። ሙቁ 500 K ቀዝቃዛው 300 K ከሆነ 40% ታገኛለህ፣ ከ1000 kJ ላይ 400ው ወርክ ይሆናል፣ 600ው የግድ ይጣላል። የትኛውም ጎበዝ ኢንጂነር ከዚህ አያልፍም።

እኔን ያልገባኝ ኢንትሮፒው ነው። ማስላቱን እችላለሁ፣ ሙቀቱን ለቴምፕሬቸሩ ማካፈል ነው፣ ያንኑ 1000 kJ ያለ ምንም ኢንጅን ከ500ው ወደ 300ው ዝም ብለህ ብትለቀው ሙቁ 1000/500 = 2 kJ/K ያጣል፣ ቀዝቃዛው 1000/300 = 3.33 ያገኛል፣ ስለዚህ 1.33 kJ/K ተፈጠረ። እሺ ተፈጠረ፣ እና ምን ይሁን? ቁጥሩ ምን እየነገረኝ እንደሆነ አላይልህ አለኝ።

ናሆም፦ በካርኖ ኢንጅን ብናሳልፈውስ ስንት ይፈጠራል?

ቤዛ፦ ሙቁ ያው 2 ያጣል፣ ቀዝቃዛው 600/300 = 2 ያገኛል... ዜሮ።

ናሆም፦ እና በዜሮው 400 kJ ወርክ አግኝተናል፣ በ1.33ቱ ምንም አላገኘንም። እስቲ 1.33ቱን በቀዝቃዛው ቴምፕሬቸር አባዢው፣ በ300።

ቤዛ፦ 1.333... ሲባዛ በ300... 400! እንዴ ናሆሜ፣ በትክክል ያው 400 እኮ ነው!

ናሆም፦ ልናገኘው ስንችል ያመለጠን ወርክ ማለት ነዋ። ኢነርጂው 1000ውም አለ፣ የትም አልሄደም፣ ግን 300 ላይ ወርዶ ተቀምጧል፣ ከሱ በታች የሚያወርድበት ቀዝቃዛ ነገር ከሌለ ደግሞ ማንም ወርክ አያወጣበትም።

ቤዛ፦ ለዛ ነዋ መምህሩ ፍሪክሽንንም፣ ትሮትሊንግንም፣ በትልቅ የቴምፕሬቸር ልዩነት የሚሄድ ሂትንም አንድ ላይ ኢሪቨርሲብል እያሉ የሚዘረዝሩት፣ ሁሉም ኢንትሮፒ እየፈጠሩ የሚበሉት ይሄንኑ ወርክ ነው ማለት ነው።

ናሆም፦ ግን ፍሪጅ ውስጥ ውሃ በረዶ ሲሆን ኢንትሮፒው ይቀንሳል እኮ፣ እሱስ?

ቤዛ፦ የውሃው ይቀንሳል፣ ከጀርባው ወደ ኩሽናው የሚለቀው ሙቀት ግን ከዛ የበለጠ ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩ የወሰደው መብራትም እኮ ተጨምሮበት ነው የሚወጣው። ድምሩን ነው የምታየው። አምጣው እስቲ በቁጥር እንየው፣ 1 ኪሎ ውሃ በ0 ዲግሪ ሲረጋ ወደ 334 kJ ይለቃል፣ ኩሽናውን 300 K በለው።

ናሆም፦ ውሃው 334/273፣ 1.22 kJ/K ያጣል። ኩሽናው ደግሞ ቢያንስ 1.22 ማግኘት አለበት፣ ሲባዛ በ300... 367 kJ ገደማ። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ቢያንስ 33 kJ መክፈል አለበት!

ቤዛ፦ ቢያንስ። የእውነቱ ፍሪጅ ከዛ በላይ ይበላል። ጥያቄ 4 ራሱ ይሄው ነው፣ ቴምፕሬቸሮቹን ብቻ ነው የቀየሩት፣ ጻፈው።