ሦስት ነጥብ

ሮማን የፈተና ውጤቷን ያየችው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ቆማ ወደ ገላን የሚወስዳትን የፋብሪካውን ሰርቪስ ስትጠብቅ ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ስለነበር፣ ሠራተኞቹ ከአስፋልቱ ዳር በቀረችው ጠባብ ደረቅ ቦታ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ኢሜይሉን ስትከፍት ከፈተናው ስም ፊት ለፊት የተጻፈው ቁጥር 47 ነበር። ማለፊያው 50 ነው። ሰርቪሱ ሲመጣ እንደ ሌላው ቀን ገባች፣ እንደ ሌላው ቀን ከኋላ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች፣ ከገላን እስኪደርሱም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አላወጣችውም።

የወደቀችበት ፈተና ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ከሆነው ከኤ ሲ ሲ ኤ 13 ፈተናዎች አንዱ፣ የድርጅቶችን የሂሳብ ሪፖርት አቀራረብ የሚመለከተው ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሪፖርቲንግ ነው። ሁለተኛ ሙከራዋ ነበር፤ በመጀመሪያው 44 አግኝታለች። ከ13ቱ ፈተናዎች ይኸኛውና የላቀው የኦዲት ፈተና ብቻ ቀርተዋታል። ሆኖም ከመጨረሻው ደረጃ ፈተናዎች የመጀመሪያውን ያለፈችው በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ስለሆነና ሕጉ የቀሩትን ለማጠናቀቅ ሰባት ዓመት ብቻ ስለሚሰጥ፣ በ2019 ዓ.ም. ኅዳር ካልጨረሰች ያንን ያለፈችውን ፈተና ታጣለች። ያንን ፈተና ያለፈችው ልጇን ማርታን አቅፋ እያጠባች ሌሊት ሌሊት ባነበበችበት ዓመት ነበር። ስለዚህ ሊጠፋ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከውድቀቱ ይልቅ አንጀቷን ይበላት ነበር።

ባለቤቷ ሰሎሞን በሕንፃ ግንባታ ላይ ፎርማን ነው፤ የሚሠራበት ሕንፃ ግን ከሚያዝያ ጀምሮ ቆሟል። ማታ ውጤቱን ስትነግረው ወዲያው ምንም አላለም። ቡናውን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ፣ «ሦስት ነጥብ ነው የጎደለሽ» አላት።

«ሦስት ነጥብ አይደለም» አለችው። «አምስት ወር የቅዳሜና የእሑድ ጥናት ነው፣ የምዝገባ ገንዘብ ነው፣ ማርታን ሳልወስዳት የቀረሁበት ስንት ቦታ ነው። አሁን ደግሞ የትምህርት ቤቷ ክፍያ እየመጣ ነው።»

ሰሎሞን ቀጥይም ተዪውም አላላትም። ይህ ዝምታው ከቸልተኝነት የመጣ እንዳልነበረ ሮማን ታውቃለች፤ ደመወዝ ያላመጣ ሰው በሚስቱ ገንዘብ ላይ መወሰን አልፈለገም። እሷ ግን በዚያ ምሽት አንድ ሰው ቢወስንላት ትመርጥ ነበር።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መንግሥት አወጀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፈተናው ክፍያ በፓውንድ ስለሆነ፣ ሮማን በወረቀት ላይ ቀድማ ያሰላችው የምዝገባ ወጪም አብሮ ወደ ላይ ወጣ። ቀጣዩን ፈተና በዚያው ተወችው። በቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን የጥናት መጽሐፍ ወደ ቤት ወስዳ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ከብርድ ልብሶቹ ጋር አስቀመጠችው፤ ወንበር ላይ ሳይወጣ በማይደረስበት ቦታ።

በፋብሪካው ግን የዶላሩ ጉዳይ ተከትሏት መጣ። ፋብሪካው የፕላስቲክ ቧንቧ የሚያመርት ሲሆን፣ ጥሬ ዕቃውን የሚያስመጣው ከውጭ ነው። ለአንድ አቅራቢ ገና ያልተከፈለ የ400,000 ዶላር ዕዳ ነበረበት። በሰኔ 30 ተመን ወደ 23 ሚሊዮን ብር የሚጠጋ የነበረው ይህ ዕዳ፣ ነሐሴ ላይ ወደ 42 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። የ2016 በጀት ዓመት ሂሳብ እየተዘጋ ስለነበር፣ የፋይናንስ ኃላፊው ጋሽ ተሰማ ሮማንን ጠርተው ልዩነቱን በ2016 ኪሳራ አድርጋ እንድትመዘግብ አዘዟት።

«ዓመቱ ጥሩ ትርፍ አለው፤ ኪሳራውን እዚያ ብናስገባው ይሸከመዋል፤ ግብሩም ይቀልላል» አሏት። «ዘንድሮ ካስገባነው ግን ገና ከመጀመሪያው ወር ወገባችንን ይሰብረናል።»

ጋሽ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበሩም። 30 ዓመት ሙሉ ሂሳብ የሠሩ፣ ሌጀር በእጅ ሲጻፍ ጀምሮ አንዲት ሳንቲም ሳይጎድልባቸው የቆዩ ሰው ናቸው፤ ሮማንንም ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ተቀብለው ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሷ ደግሞ ትዕዛዙን እንደሰማች ስህተቱ ወለል ብሎ ታያት። ሰኔ 30 ቀን ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዕዳው የሚለካው በዚያ ቀን ተመን ነው። የተመኑ ለውጥ የመጣው ዓመቱ ከተዘጋ ከ22 ቀናት በኋላ ስለሆነ፣ በሰኔ 30 የነበረውን ሁኔታ የሚያሳይ ማስረጃ አይደለም፤ አዲስ ክስተት ነው። ስለዚህ የ2016 ቁጥር አይነካም፤ ነገር ግን ክስተቱ ምን እንደሆነና የሚያስከትለው ጫና ስንት እንደሚገመት በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ መገለጽ አለበት። ኪሳራው ራሱ የ2017 ነው።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይህ በ2016 አይገባም» አለች።

«ለምን?»

«በሂሳብ ደረጃው በአይ ኤ ኤስ 10 መሠረት ማስተካከያ የማይደረግበት ክስተት ስለሆነ።»

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ቁጥር ጠርተሽልኝ ሐጂ ዘንድ ምን ብዬ ልግባ? ፋብሪካው የሳቸው ነው። ለምን እንደማይሆን እሳቸው በሚገባቸው ቋንቋ ጻፊልኝ፤ አንድ ገጽ አይለፍ።»

ሮማን ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ኮምፒውተሯን ከፈተች። መጀመሪያ ያደረገችው ሰንጠረዥ መሥራት ነበር፦ የዕዳው መጠን፣ የሰኔ 30 ተመን፣ የነሐሴ ተመን፣ ልዩነት። ሰንጠረዡ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ከዚያ በታች አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ አጠፋችው። ሁለተኛ ጽፋ አጠፋችው። የምታውቀውን ነገር ለምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በቃላት ማስረዳት እንዲህ ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሦስት መስመር ብቻ ነበራት፤ ምሳዋንም ሳትበላ ቀጠለች።

በመጨረሻ የጻፈችው ይህ ነበር። የ2016 ሂሳብ በሰኔ 30 ምሽት የፋብሪካውን በር ዘግተን ያለንንና ያለብንን የቆጠርንበት ነው። በዚያ ምሽት አቅራቢው መጥቶ ገንዘቤን ስጡኝ ቢለን 23 ሚሊዮን ብር በማይሞላ እንሸኘው ነበር። በሐምሌ የመጣው ለውጥ በዚያ ምሽት አልነበረም፤ ሊታወቅም አይችልም ነበር። ያልነበረውን እንደነበረ አድርገን ብንጽፍ፣ ሂሳቡን የሚመረምረው ኦዲተር ይመልስብናል፣ የግብር መሥሪያ ቤቱም ይጠይቀናል። ነገር ግን ለውጡን ደብቀን ብንዘጋም ስህተት ነው፤ ሪፖርቱን አንብቦ ብድር የሚሰጠን ባንክ ዕዳችን በእጥፍ ሊጠጋ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ቁጥሩን ሳንነካ፣ የሆነውን ሁሉ ከነግምቱ በማብራሪያው ላይ እንጽፋለን።

ሐጂ ወረቀቱን ያነበቡት ከቀትር በኋላ፣ ሮማንና ጋሽ ተሰማ ፊታቸው ቆመው ነው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ባንኩ ይህንን ሲያይ አይሸሽም?» ብለው ጠየቋት።

«ዶላሩ መውጣቱን ባንኩም ያውቃል፣ ሐጂ። የማያውቀው እኛ ስንት እንዳለብን ነው። ከእኛ ቢሰማው ይሻላል፤ የምንከፍልበትን ዕቅድም አብረን እንወስድለታለን።»

ሐጂ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እንደጻፈችው ይሁን» አሉ ለጋሽ ተሰማ። ጋሽ ተሰማ ከቢሮው እንደወጡ ምንም አልተናገሩም፤ በማግስቱ ግን የማብራሪያውን ረቂቅ ሙሉ በሙሉ ለእሷ ሰጧት።

ሐጂ ወረቀቱን ያነበቡ ዕለት ማታ በሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። ቡሄ ደርሶ ስለነበር ልጆች በጨለማው ከብሎክ ብሎክ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፤ ማርታም ሳንቲም ይዛ ከበሩ ላይ ትጠብቃቸዋለች። ሮማን ወንበር ላይ ወጥታ ከቁም ሳጥኑ አናት መጽሐፉን አወረደች፤ መጽሐፉ ውስጥ አጥፋ ያስቀመጠቻቸውን የልምምድ መልሶቿንም በስልኳ ብርሃን አየቻቸው። ገጾቹ በስሌት የተሞሉ ነበሩ፤ የድርጅቶች ቡድን ሂሳብ፣ የኪራይ ውል፣ የዋጋ ቅናሽ፣ ሁሉም በትክክል የተሠሩ። ከእያንዳንዱ ስሌት በታች ግን አንድ ወይም ሁለት አጭር መስመር ብቻ ነበረ፦ «በደረጃው መሠረት ይህ ይመዘገባል።» ለምን እንደሚመዘገብ የሚናገር መስመር ፈልጋ አጣች። ጥያቄዎቹን ዳግም አነበበቻቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል «አስረጂ»፣ «ተወያዪበት»፣ «ምከሪ» የሚሉ ነበሩ። ከፈተናው ሦስት ሰዓት ከሩብ ውስጥ አብዛኛውን ያጠፋችው ማንም አጥብቆ ባልጠየቃት ስሌት ላይ ነበር። ጋሽ ተሰማ ጠዋት «ለምን?» ሲሏት የመለሰችላቸውም ልክ እንደዚያ ነበር፤ የደረጃውን ቁጥር ብቻ።

ሰሎሞን ሻማ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተከለው። መጽሐፉን አየ፤ ስለ መጽሐፉ ግን አልጠየቀም።

«ዕቁቡ የሚደርሰኝ በመስከረም መጨረሻ ነው» አለችው ሮማን። «የማርታን የመጀመሪያ ተርም ከእሱ እንከፍላለን። ከሚተርፈው ላይ ለኅዳሩ ፈተና እመዘገባለሁ። ይህኛውን ካላለፍኩ የኦዲቱን አልጀምርም፤ ያኔ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ካለፍኩ ግን ጊዜው ይበቃኛል።»

«ጥናቱስ? ቅዳሜና እሑድ ይበቃል?»

«እንደ በፊቱ አላጠናም። ስሌቱን አውቀዋለሁ። ማታ ማታ አንድ አንድ ነገር ላንተ አስረዳሃለሁ፤ ካልገባህ አልገባኝም በለኝ፤ ደግሜ እጽፈዋለሁ።»

ሰሎሞን ወንበሩን ወደ ሻማው አስጠጋ። «እሺ፣ ዛሬ ምንድን ነው?»

«ኪራይ» አለች። «አንድ ድርጅት ሕንፃ ለአምስት ዓመት ቢከራይ፣ ከሀብቱ ጋር የሚመዘግበው ነገር አለ።»

«ታዲያ ከታች ያለው ጎረቤታችን ተከራይ አይደል? ቤቱ የእሱ ሀብት ሊሆን ነው?»

«ቤቱ አይሆንም፤ ቤቱ የአከራዩ ነው። በውሉ ዘመን ውስጥ ግን አከራዩ ራሱ እንኳ ገብቶ ሊተኛበት አይችልም። ያ በቤቱ የመጠቀም መብት ዋጋ አለው፤ የሚመዘገበው እሱ ነው።»

ሰሎሞን ትንሽ አሰበና፣ «አልገባኝም» አላት።

ሮማን ባዶ ገጽ ፈልጋ እስክሪብቶዋን አነሳች።