የትምህርት ዕቅድ፦ እጅን በሳሙና መታጠብና የመጸዳጃ ቤት ንጽሕና

ክፍል፦ 3ኛ፣ 36 ተማሪዎች
ጊዜ፦ 40 ደቂቃ
ቦታ፦ ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር

ዓላማ
ተማሪዎች ውሃ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ በራሳቸው አንደበት ያስረዳሉ፤ እጃቸውንም ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና አሽተው ይታጠባሉ።

መርጃ መሣሪያ
6 ሳፋ፣ 6 ጆግ፣ 6 ሳሙና፣ በቂ ንጹሕ ውሃ፣ ጥቂት የምግብ ዘይት፣ የተፈጨ ከሰል፣ ነጭ ጨርቅ።

መግቢያ (5 ደቂቃ)
«ዛሬ ከቤት ከወጣችሁ ጀምሮ እጃችሁ ምን ምን ነካ?» ብሎ መጠየቅ። የበር እጀታ፣ ጫማ፣ አፍንጫ፣ የጓደኛ እጅ ይላሉ። የማንንም እጅ አንሥቶ «ቆሻሻ ነው» ማለት አይገባም፤ ያፈረ ልጅ እጁን ይደብቃል እንጂ አይታጠብም።

ማብራሪያ (8 ደቂቃ)
ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች ከዓይነ ምድር ተነሥተው በእጅ፣ በዝንብ፣ በውሃና በምግብ በኩል ወደ አፍ ይገባሉ። ቆዳችን ላይ ያለው ቅባት እድፍንና ጀርምን አጣብቆ ይይዛል። ሳሙና ቅባቱን ያላቅቀዋል፤ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። ቀዝቃዛ ውሃም ይበቃል። ከመጸዳጃ ቤት መልስና ምግብ ከመንካት በፊት መታጠብ ፈጽሞ አይዘለልም።

የተግባር ሥራ (20 ደቂቃ)
ስድስት ስድስት ሆነው ይቧደናሉ። በየቡድኑ ሁለት ልጆች መዳፋቸው ላይ አንድ ጠብታ ዘይትና ቁንጥር ከሰል ይቀባሉ። እጁ የቆሰለ ልጅ አይቀባም፤ ይቆጥራል። ዓይን መንካት ክልክል ነው።

አንዱ በውሃ ብቻ፣ ሌላው በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ሁለቱም በነጩ ጨርቅ ይጠርጋሉ። እዚህ ላይ መምህሩ ዝም ይበል፤ ጨርቁን አይተው ልዩነቱን የሚናገሩት ልጆቹ ናቸው።

ቀጥሎ ሁሉም በየተራ ይታጠባሉ፤ አንዱ ያፈስሳል፣ ሌሎቹ ከ1 እስከ 20 ቀስ ብለው ይቆጥራሉ። መዳፍ ከመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሐል። አውራ ጣትን በሌላው እጅ ጨብጦ ማዞር፤ የጣት ጫፎችን መዳፍ ላይ መፈተግ። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚረሱት እነዚህን ሁለቱን ስለሆነ ደጋግሞ ማሳየት ያስፈልጋል።

መጸዳጃ ቤት (4 ደቂቃ)
ቀዳዳውን በትክክል መጠቀም፣ ዝንብ እንዳይገባ መክደን፣ በሩን መዝጋት። መጸዳጃ ቤት ማጽዳትን ቅጣት ማድረግ አይገባም፤ ልጁ ንጽሕናን ከውርደት ጋር ያያይዘዋል።

ምዘና (3 ደቂቃ)
ከየቡድኑ አንድ ልጅ ያለ ውሃ በእንቅስቃሴ ያሳያል። ዋናው ምዘና ግን በማግስቱ ዕረፍት ሰዓት ነው፦ መምህሩ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ከመጸዳጃ ቤት ከወጡት ስንቱ ሳሙና እንዳነሣ ይቆጥራል። ቦታው ላይ ሳሙና ከሌለ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ስለዚህ በየሳምንቱ ሁለት ተረኛ ተማሪዎች ይመደባሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሳሙናውንና ውሃውን አይተው ለመምህሩ ይነግራሉ።