የሚቀጥረን ስላጣን ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እንዴት አመሻችሁ፣ የተወደዳችሁ ምእመናን? ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። ሲሚንቶ የነካው ሱሪ ለጉባኤ አያሳፍርም።

ማቴዎስ ምዕራፍ 20ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለ ወይኑ ሠራተኛ ፍለጋ ማልዶ ወጣ። በ3 ሰዓት ደገመ። በ6፣ በ9፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት ወጣ። ሰዓቱ እንደ እኛው አቆጣጠር ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማለት ነው። አሁንም የቆሙ ሰዎች አገኘ። ለምን ትቆማላችሁ ሲላቸው፣ «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» አሉት።

ይህን መልስ ደብረ ብርሃን ላይ ማን ያስረዳችኋል? በውርጭ ጋቢ ተከናንባችሁ፣ አካፋ ተደግፋችሁ ትቆማላችሁ። ፒካፕ ይመጣል። «አምስት ሰው!» ይላል። ትሮጣላችሁ። ጎበዝ ጎበዙ ተመርጦ ይሄዳል። የቀረው ረፋድ ላይ ወደ ቤት መመለስ ያፍራል። ሚስቱ ምንም ባትናገር እንኳ ዓይኗን መሸሽ ይጀምራል።

ጌታ መንግሥቱን ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው እነዚህን ሰዎች ነው። ባለ ወይኑም መልእክተኛ አልላከባቸውም፤ ራሱ ሄደ። የቀን እንጀራ ለዘገየውም ያስፈልገዋልና እኩል ከፈለው።

ጥሪ ሲባል ቅስናና ምንኩስና ብቻ ይመስለናል። የናዝሬት ሰዎችም እንዲሁ መስሏቸው «ይህስ ጸራቢው የማርያም ልጅ አይደለምን?» ብለው ናቁት። ጳውሎስም ሐዋርያ ሆኖ ሳለ በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ ነበር።

ወንድሜ ሾፌሩ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ሲውጠው ማርሽ ቀንሰህ በዝግታ ትወርዳለህ። ከኋላህ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተኝታለች። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ስምህን እንኳ አትጠይቅህም። ያደረስከው ግን ነፍስ ነው። ረዳትህ «ፍጠን፣ ተራ እንዳያመልጠን» ቢልህም አትስማው።

እህቴ ባለ ጉሊቷ፣ የበሰበሰውን ድንች ከሥር ሳትደብቂ ስትሸጪ ማንም አያጨበጭብልሽም። መጽሐፍ ግን «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው፤ እውነተኛ ሚዛን ግን ደስ ያሰኘዋል» ይላል። የአንቺ ሚዛን እርሱን ደስ ያሰኘዋል። ይህ ትንሽ ነገር ነው?

ሥራችሁ ጥሪ ነው ማለቴ ግን ተበደሉና ዝም በሉ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚሰብክ ካለ የሚሰብከው ለአሠሪው ነው። ዘዳግም 24 የድሀውን ደመወዝ በቀኑ፣ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል። ቅዱስ ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ይጮኻል ብሏል። ጩኸቱን ማን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ።

እዚህ መካከል የሰው ገንዘብ ይዞ «ነገ ና» የሚል አሠሪ ካለ፣ ከዚህ ሲወጣ ይደውልለት። ስልኩ አለው። እናንተም ነገ ጠዋት ስትቆሙ፣ ለዕለቱ ሥራ ያገኘው ላላገኘው ቁርስ ይጋብዝ። ሻይና ዳቦ ይበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።