ያልበራው ስክሪን

በጋራ በተከራየነው ቤት ውስጥ የአንዳችን ዕቃ ሲበላሽ ጉዳዩ የሁላችንም ይሆናል። ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ጊዜ ሲቃረብ ላፕቶፑ ሞተ በተባለበት ምሽትም፣ በየክፍላችን ልናጠና ተቀምጠን የነበርን ሁሉ ሳሎን ተሰበሰብን። አንዱ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል አለ፤ ሌላው ደግሞ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ፎርማት ማስደረግ እንደሚሻል መከረ። ጓደኛዬን ያስጨነቀው ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ ለወራት የደከመበት ጽሑፍ ነበር፤ ሌላ ቦታ ያስቀመጠው ቅጂ አልነበረውም።

«ስታበራው ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መብራቱ ይበራል፣ ፋኑም ይዞራል። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ አንድ ጽሑፍ እንኳ አያወጣም።»

መልሱ ተስፋ ሰጠኝ። መብራቱ ከበራና ፋኑ ከዞረ ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ኮምፒውተር ሲነሳ በቅድሚያ ከሚያከናውናቸው ሥራዎች አንዱ በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስቀመጫ፣ ራሙን፣ ፈልጎ ማዘጋጀት ሲሆን፣ ራሙን ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ በስክሪኑ ላይ ምንም ሳያሳይ እዚያው ይቆማል። ጥፋቱ የስክሪኑ ብቻ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ከሌላ ሞኒተር ጋር በኬብል አገናኘነው፤ ያም ጨለማ ሆነ። ያን ጊዜ ጓደኛዬ ላፕቶፑ ያለበት ቦርሳ በዚያው ቀን ከወንበር ላይ መውደቁን አስታወሰ፤ እኔም ራሙ ከቦታው ተነቃንቆ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

«ጽሑፌስ?» አለኝ።

«ጽሑፍህ ያለው ፋይሎች በቋሚነት በሚቀመጡበት ኤስኤስዲ ላይ ነው። ራም ኃይል ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ የሚለቅ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ስለሆነ፣ እሱን ማውጣትና መመለስ ፋይሎችህን አይነካም» ብዬ መለስኩለት። ፎርማት የሚለውን ምክር አጥብቄ የተቃወምኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ችግሩ ያለበትን ቦታ ሳይነካ ጽሑፉን ብቻ ያጠፋበት ነበር።

ቻርጀሩን ነቅለን፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነን ከቆየን በኋላ፣ ላፕቶፑን ገልብጠን በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ብሎኖቹ ርዝመታቸው የተለያየ ስለነበር እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደረደርኳቸው፤ ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ማሰር ከሥሩ ያለውን ክፍል ሊበሳ ይችላልና። ክዳኑ እንደተከፈተ የባትሪውን ማገናኛ ከማዘርቦርዱ ነቀልኩ። ይህን ሳያደርጉ ራም መንካት አይገባም፤ ቻርጀር ባይኖርም ባትሪው ለማዘርቦርዱ ኃይል ይሰጣልና። ከሰውነት የሚወጣ ስታቲክ ኤሌክትሪክም ራሙን ሊጎዳው ስለሚችል፣ አስቀድሜ በአቅራቢያው ያለ ትልቅ ብረት ነካሁ።

ሁለት ራሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አንደኛው በግልጽ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ከወርቃማ መስመሮቹም በአንድ በኩል ከሌላው ይልቅ ወጣ ያሉ ይታዩ ነበር። በግራና በቀኝ ያሉትን ትንንሽ የብረት መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ሳደርጋቸው ራሙ በራሱ ቀና አለ፤ ጫፎቹን ብቻ ይዤ ሳብኩት። ወርቃማ መስመሮቹ ላይ ስስ ብናኝ ስለነበር፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ በረጠበ፣ ክር በማይተው ጨርቅ ጠርጌ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረግሁ።

መልሶ ማስገባቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። በራሙ ጠርዝ ላይ ያለው ክፍተት ከሚሰካበት ስሎት ጉጥ ጋር እንዲገጥም አስተካክዬ፣ ራሙን ጋደም አድርጌ መስመሮቹ ሊሰወሩ እስኪቃረቡ ድረስ በእኩል ኃይል ገፋሁት፤ ከዚያም መያዣዎቹ «ቀጭ» እስኪሉ ወደ ታች ተጫንኩት። ለመጀመሪያው ሙከራ አንዱን ራም ብቻ አስገባሁ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ብንመልስና ባይበራ የትኛው እንዳጠፋ ማወቅ አንችልም ነበር።

ባትሪውን መልሰን ስናበራው ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጨለማ ሆኖ ቆየ። የጓደኛዬ እጅ ወደ ማብሪያው ሲሄድ ያዝኩት፤ ራም ከተነካካ በኋላ ኮምፒውተሩ እንደገና እስኪያስተካክለው ድረስ የመጀመሪያው አነሳስ ከወትሮው ሊዘገይ ይችላል። ቆይቶም የአምራቹ ዓርማ፣ ከዚያም የመግቢያው ገጽ ታየ። ጓደኛዬ ጮኾ አቀፈኝ፤ እኔ ግን ከምንም በፊት ጽሑፉን ወደ ፍላሽ እንዲገለብጥ አሳሰብኩት።

ፋይሉ ተገልብጦ ካለቀ በኋላ አጥፍተነው፣ ባትሪውን ዳግመኛ ነቅለን ሁለተኛውን ራም መለስን። ከተነሳ በኋላ የሚታየው የራም መጠን ሙሉ መሆኑን አየን፤ ሌሊቱንም `mdsched.exe` በተባለው የዊንዶውስ መፈተሻ አስመረመርነው። በማለዳ ስህተት እንዳልተገኘ አይተን ክዳኑን በብሎኖቹ አሰርን። ችግሩ ከተመለሰ ግን ሁለቱን ራሞች ቦታ አቀያይረን እንደምንሞክራቸውና፣ ጥፋቱ በዚያው ቦታ ከቀጠለ ስሎቱ ራሱ እንደሚጠረጠር ነግሬው ወደ ክፍሌ ገባሁ።