የትኩሳት ሽሮፑ ወረቀት፣ በየርዕሱ ተለይቶ

እህቴ፣ ስካን አድርገሽ የላክሽልኝን ወረቀት በየርዕሱ ለይቼዋለሁ። "ማስታወሻ" ያልኩት የእኔ ነው፤ ሌላው ከወረቀቱ የመጣ ነው።

መድኃኒቱ
የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው። ለሕመምና ለትኩሳት።

መጠን (ለአንድ ጊዜ)
- ከ3 እስከ 6 ወር፦ 2.5 ሚሊ ሊትር
- ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት፦ 5 ሚሊ ሊትር
- ከ2 እስከ 4 ዓመት፦ 7.5 ሚሊ ሊትር
- ከ4 እስከ 6 ዓመት፦ 10 ሚሊ ሊትር

በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። አንዱን ከሰጡ በኋላ ሌላውን ለመድገም ቢያንስ 4 ሰዓት ይጠበቃል። ጠርሙሱ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ በደንብ ይነቅነቅ። አብሮት በመጣው መለኪያ ይሰጥ።

*ማስታወሻ፦* እዚህ ጋ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። የወረቀቱ እጥፋት በመጀመሪያው መስመር ላይ አልፏል፤ ጽሑፍ ማንበቢያው ፕሮግራም ነጥቧን ስቷት "25 ሚሊ ሊትር" ብሎ አወጣው። አስር እጥፍ ማለት ነው! ምስሉን ሳጎላው ነጥቧ ደብዝዛ ትታያለች። ሂሳቡም ያንኑ ይላል፦ 2.5 ሚሊ ሊትር 60 ሚሊ ግራም ነው፤ 25 ቢሆን 600 ይሆናል፤ ይሄ ከአንዱ የአዋቂ ባለ 500 ፍሬ ይበልጣል። የልጅሽ መስመር ሦስተኛው ነው፣ እሷም ነጥብ አላት። ዋናው ወረቀት እጅሽ ላይ ነውና ከመስጠትሽ በፊት አራቱንም ቁጥሮች በዓይንሽ አመሳክሪልኝ።

ማስጠንቀቂያ
- ፓራሲታሞል ካለበት ሌላ መድኃኒት ጋር አይሰጥ።
- መጠኑ ካለፈ ልጁ ደህና ቢመስልም ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ይወሰድ። በጉበት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ዘግይቶ ነው የሚታየው።
- የጉበት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ልጅ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።
- በ3 ቀን ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

*ማስታወሻ፦* የጉንፋን ሽሮፖች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል አላቸው። ቤት ያለውን ጠርሙስ ጀርባውን አንብቢ።

የጎንዮሽ ጉዳት
- አልፎ አልፎ፦ የቆዳ ሽፍታ፣ አለርጂ።
- እጅግ አልፎ አልፎ፦ ከባድ የቆዳ ጉዳት፣ የደም ችግር።
- ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቆዳ ከተላጠ፦ መስጠቱ ይቁም፣ በአስቸኳይ ሕክምና።

አቀማመጥ
- ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በማይበልጥ ሙቀት፣ በራሱ ጠርሙስ።
- ልጆች ከማያዩበትና ከማይደርሱበት ቦታ።
- ጊዜው ካለፈ አይሰጥ። የተጻፈው ወር ከሆነ የዚያ ወር የመጨረሻ ቀን ማለት ነው።

*ማስታወሻ፦* ከተከፈተ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚናገረው መስመር ስካኑ ላይ ግማሹ ተቆርጧል። በግምት አልሞላሁትም። የታችኛውን ጥግ ዘርግተሽ እንደገና ስካን አድርጊና ላኪልኝ፣ ወዲያው እጨምረዋለሁ።