ደብተሩ ወይስ ጋራዡ

(ደወል ተደውሏል። እሱ የክፍሉ በር ላይ ቆሟል፤ እሷ ደብተር ታቅፋ ትመጣለች።)

እሷ፦
ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ገብቶ ሳለ፣
ወንድሜ፣ ምን ሆነህ እግርህ በር ላይ ዋለ?

እሱ፦
ልሰናበት መጣሁ፣ ሥራ አግኝቻለሁ፤
ከሰኞ ጀምሮ ጋራዥ እገባለሁ።
እናቴ ሌሊቱን ልብስ ስትሰፋ አድራ፣
መርፌ የወጋው ጣቷን በጨርቅ አስራ፣
«አንተ ብቻ ተማር» ብትለኝም ደፍራ፣
እንዴት ዝም ብዬ ልይ፣ እጄን ሳላሠራ?

እሷ፦
እውነትህን ነው፣ ገባኝ፤ ቤታችሁን አውቃለሁ።
ግን ዝም ብልህ ኋላ እጸጸታለሁ።
ብሎን መፍታት ማሰር ቶሎ ትለምዳለህ፣
የሞተሩን ንድፍ ግን በምን ታነባለህ?
ያን ቀን ጠመኔውን ከመምህር ተቀብለህ፣
ሁላችን ያቃተንን የፊዚክስ ጥያቄ
ሰሌዳው ላይ ስትፈታው፣ እንዴት ትረሳለህ?

እሱ፦
አልረሳሁም እኮ፤ ጣቴ ያን ጠመኔ
ዛሬም ያስታውሳል፤ ደስ ብሎኝ ነበር እኔ።
ግን ጠመኔ አይከፍልም የዚህን ወር ኪራይ፣
ትንሿ እህቴም እጄን ነው የምታይ።

እሷ፦
የማታው ምዝገባ ገና አልተዘጋም፤
ጠይቄልሃለሁ፣ ቦታውም አልጠፋም።
ቀን ቀን እየሠራህ ማታ ማታ ተማር፤
ያመለጠህን ሁሉ እኔ አለሁ ላስተምር።

እሱ፦
እጄ ግሪስ ነክቶት ደብተርሽን ባቆሽሽስ?
እያስረዳሽኝም እንቅልፍ ቢወስደኝስ?

እሷ፦
ይቆሽሽ ደብተሩ! ብትተኛም ልቀስቅስ።

እሱ፦ (ደብተሩን ከእጇ እየተቀበለ)
እሺ… ምዝገባው ጋ ስንት ሰዓት ልድረስ?