የ2018 ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ልጆቼ እንዴት አመሻችሁ? ቅድም መድረክ ላይ ወረቀት ይዤ ነበር የወጣሁት፣ ግን በዛ ጋዋን ተደርድራችሁ ሳያችሁ እንባዬ ቀደመኝና እንኳን ደስ አላችሁ ብቻ ብዬ ወረድኩ። ያልተናገርኩት ሆዴ ውስጥ ቀርቶ እንቅልፍም እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፍላችሁ። ስማርት ስልክ ለሌላቸው እናት አባቶች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው እሺ?

እናንተ እኮ የለመድነው አይነት ባች አይደላችሁም። ኮሮና መጥቶ በ2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበራችሁ። ከዛ እኛ ጋ ዘጠነኛ ገባችሁ፣ ገና ግቢውን ስትለምዱት ደግሞ በ2015 ክረምት መጨረሻ የሆነው ሆነ፣ አስረኛን መቼ እንደምንጀምር እንኳን ወላጅ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ዳታ ተቋርጦ ወራት ቆየ፣ መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰ፣ ሶፍት ኮፒ አውርዱ እንዳንል በምን ታወርዳላችሁ። እዚህ ጋ ነው የማልረሳው ነገር ያለው። አንድ ልጅ (ስሙን አልጠራም፣ ያፍራል) የፊዚክስ ኖት ከመጽሐፉ ላይ በእጁ ገልብጦ ለጓደኛው አዋሰ፣ ጓደኛው ለሌላ፣ ሌላው ለሌላ ክፍል። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩ እጄ ገባ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ጥጉ ላይ ሽሮ ፈሶበታል፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ የተዋሱት ሁሉ ስማቸውን ጽፈዋል። ቆጠርኩት፣ 31 ስም! ማንም አላዘዛቸውም እኮ፣ እኛ አስተማሪዎቹም አላወቅንም ነበር። ደብተሩ አሁንም ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ አስቸጋሪ ቀን ሲሆንብኝ አውጥቼ ስሞቹን አነባቸዋለሁ።

አንዷ ልጄ ደግሞ ከዘጌ ናት፣ ከእህቷ ጋር እዚህ ቤት ተከራይተው ነው የምትማረው። ቅዳሜ በጀልባ ሄዳ እሁድ ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። አንድ እሁድ ከሰዓት ጣና ተናውጦ ጀልባ አልነሳም አለ፣ ሰኞ በማለዳ ተሳፍራ ስትመጣ በር ተዘግቶ ደረሰች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ስንቁን በፌስታል አቅፋ ቆማለች። ለምን ዛሬ እንኳን ቤት አልቀረሽም ስላት «ቲቸር ሁለተኛ ፔሬድ የሂሳብ ቴስት አለብን» አለችኝ። ዛሬ እናቷ ከዘጌ መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር፣ ስሟ ሲጠራ እልልታቸው ከማይኩ በላይ ነው የተሰማው። እናቴ ክበሩልኝ፣ የላኩልኝ ቡናም ደርሶኛል።

መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ያጠናችሁ፣ ከትምህርት በኋላ እናታችሁን ጉልት ላይ የምታግዙ፣ ማታ ባጃጅ የምትይዙ፣ ሁላችሁንም አውቃችኋለሁ። ቅዳሜን ሰውተው ቲቶሪያል ያስተማሯችሁ መምህራንም ዛሬ ከእናንተ በላይ ሲጨፍሩ አይቻለሁ፣ ይገባቸዋል።

አሁን ስለ ፈተናው ትንሽ። ፈርታችኋል፣ አውቃለሁ፣ ካፌው ጋ ቆማችሁ ስለ 50 በመቶ ስታወሩ እሰማለሁ። ካምፓስ ገብታችሁ ስትፈተኑ ግቢው ሊከብዳችሁ ይችላል፣ ግን ፈተናው ላይ የሚመጣው ያው የተማራችሁት ነው። የከበዳችሁን ጥያቄ እለፉትና ተመለሱበት፣ አፕቲትዩድ ላይ ሰዓታችሁን ጠብቁ፣ ማታ ላይ መልስ እያመሳከራችሁ አትጨናነቁ፣ ያለፈው አለፈ የነገውን አጥኑ። ቴሌግራም ላይ ፈተናው ወጥቷል የሚላችሁን ሰው ብሎክ አድርጉት፣ ብር እንዳትልኩ! ያልተሳካለት ቢኖር ደግሞ ሪሜዲያል አለ፣ በግል መፈተን አለ፣ ሙያ መማር አለ፣ ቤት ተደብቆ የሚቀር ልጅ ግን እንዳልሰማ። እኔ ጋ ኑ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን፣ ውጤታችሁ ምንም ይሁን ምን ልጆቼ ናችሁ።

ወላጆች፣ እባካችሁ እነዚህን ጥቂት ሳምንታት ሥራ ቀነስ አድርጉላቸው፣ ከጎረቤት ልጅ ጋርም አታወዳድሯቸው።

በዩኒፎርም ሸሚዛችሁ ላይ ስትፈራረሙ አንዳንዶቻችሁ እኔንም አስፈርማችሁኛል፣ ያላስፈረማችሁ አምጡት፣ እስክሪብቶ አለኝ። ላይብረሪው እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ቅዳሜና እሁድም ክፍት ነው፣ ቁልፉ ዘበኛችን ጋ አለ። አድሚሽን ካርድ ያልወሰዳችሁ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ቢሮ ኑ፣ ስማችሁ በትክክል መጻፉን እዛው አይታችሁ ውሰዱ። የዘጌዋ ልጄ፣ አንቺ ማክሰኞም ብትመጪ እጠብቅሻለሁ።